ፎረፎር ነው ያላችሁት ነገር ቆረቆር እንዳይሆን

(በወላጆችና በመምህራን ስብሰባ ላይ ያደረግኩት ንግግር ነው። ብዙዎች በጽሑፍ ስለጠየቁኝ ከጥቂት ማስተካከያ በስተቀር እንዳለ አስቀምጬዋለሁ።)

ጤና ይስጥልኝ ወላጆች። ጤና ይስጥልኝ መምህራን። ሥራችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

የቆዳ ሐኪም ነኝ። ዛሬ የማወራው ስለ ልጆቻችሁ የራስ ቆዳ ነው። ሦስት ነገር እናያለን። አንደኛ፣ ፎረፎርና ቆረቆር በምን ይለያሉ? ሁለተኛ፣ ቆረቆር በሻምፖና በክሬም ብቻ ለምን አይድንም? ሦስተኛ፣ አንድ ልጅ ከያዘው ቤት ውስጥና ክፍል ውስጥ ምን እናድርግ? በመሃል አንዳንድ ታሪክ ስለማነሳ ታገሡኝ።

እስቲ በጥያቄ ልጀምር። ከመካከላችሁ ዕድሜው ከአምስት እስከ አስር ዓመት የሆነ፣ ራሱ ላይ ነጭ ፍርፋሪ የሚታይበት ልጅ ያለው አለ? እጃችሁን አውጡ። ጥሩ። አሁን እጃችሁን ያወጣችሁ ሰዎች፣ ይሄን ነገር ቤት ውስጥ ምን ብላችሁ ነው የምትጠሩት? ፎረፎር ነው አይደል? አዎ። ጉዳዩ ያለው እዚሁ ላይ ነው።

ፎረፎር የሚመጣው የራስ ቆዳችን ከሚያመነጨው ቅባት ጋር ተያይዞ ነው። ቆዳችን ላይ መላሴዚያ የሚባል በጣም ትንሽ ፈንገስ አለ። ሁላችንም ላይ አለ፣ ጤነኛውም ሰው ላይ አለ። የሚኖረው ያንን ቅባት እየተመገበ ነው። አንዳንድ ሰው ቆዳው ለዚህ ፈንገስ ይቆጣል፣ ይላጣል፣ ያሳክካል። የሚላጠው ነገር ትከሻ ላይ ይራገፋል። ፎረፎር ማለት ይሄ ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ከንጽሕና ጉድለትም የሚመጣ አይደለም።

ልብ በሉ፣ ቅባት ብያለሁ። የራስ ቆዳ ቅባት የሚያመነጩት ዕጢዎች ሕፃኑ እንደተወለደ ለጥቂት ወራት ይሠራሉ። ጨቅላ ሕፃናት አናት ላይ ቢጫ ቅርፊት የምታዩት ለዚህ ነው። ከዚያ ዕጢዎቹ ያንቀላፋሉ። እንደገና የሚነሱት ልጁ ወደ ጉርምስና ሲጠጋ ነው። ስለዚህ የአንደኛ፣ የሁለተኛ፣ የሦስተኛ ክፍል ልጅ እውነተኛ ፎረፎር ሲይዘው እምብዛም አይታይም። ፎረፎር የትልቅ ሰው ነው፣ የጎረምሳ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ራሱ ሲፈረፈር ካያችሁ፣ ሌላ ነገር መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ ቆረቆርን ጠርጥሩ። እደግመዋለሁ፣ የሰባት ዓመት ልጅ ራሱ ሲፈረፈር ቆረቆርን ጠርጥሩ።

አንዲት እናት ሰባት ዓመት የሞላትን ልጇን ይዛ መጣች። «ዶክተር፣ ፎረፎሯ አልለቅ አለኝ» አለችኝ። ለወራት የፎረፎር ሻምፖ ቀያይራለች፣ ቅባት ቀብታለች። ሻምፖ በተጠቀመች ሳምንት ትንሽ ሻል ይላታል፣ ከዚያ ተመልሶ ይመጣል። «ያሳክካታል ወይ?» አልኳት። «ትንሽ» አለች። «ፀጉሯ ይረግፋል?» ስላት «ኧረ አይረግፍም፣ እዚህ ጋ ብቻ አላድግ ብሎ ነው» ብላ ከጆሮዋ በላይ ያለውን ቦታ አሳየችኝ።

ልጅቷን መስኮት አጠገብ አስቀመጥኳትና ፀጉሯን በማበጠሪያ ጫፍ ገለጥ አደረግኩት። የሳንቲም ያህል ስፋት ያላት ክብ ቦታ አለች። ላይዋ ስስ ግራጫ ቅርፊት ለብሷል። በቅርፊቱ መሃል ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች አሉ። ለዓይን ቆሻሻ ይመስላሉ። ቆሻሻ ግን አይደሉም። ልክ ከቆዳው እንደወጡ የተሰበሩ ፀጉሮች ናቸው። እናትየው «አላድግ አለ» ያለችው ፀጉር እያደገ ነበር። እያደገ ይሰበራል፣ ያድጋል፣ ይሰበራል። ከዚያ አንገቷን በጣቴ ዳሰስኩ። ከጆሮዋ ኋላና ከማጅራቷ በኩል ንፍፊት አለ፣ አተር አተር የሚያህል። ከፍ ብዬ ሌላውን የራሷን ክፍል ስፈትሽ ደግሞ እናትየው ያላየቻት ሁለተኛ ትንሽ ቦታ አገኘሁ።

እነዚህን ሦስት ነገሮች አንድ ላይ ያዙልኝ። ቅርፊት፣ የተሰበረ ፀጉር፣ ንፍፊት። ፎረፎር ፀጉር አይሰብርም። ፎረፎር በተለየ ቦታ ክብ ሠርቶ አይቀመጥም፣ አናት ላይ ሁሉ ይበተናል። ከማጅራት ኋላ ንፍፊትም አያመጣም። ቅርፊት ያለበት ቦታ ፀጉሩ ከሳሳ፣ በተለይ ንፍፊት ከተጨመረበት፣ ነገሩ ከፎረፎር ወጥቷል።

ቆረቆር ምንድነው? እሱም ፈንገስ ነው፣ ግን የመላሴዚያ ዓይነት ምስኪን ነዋሪ አይደለም። ፀጉር የተሠራበትን ኬራቲን የሚባል ነገር የሚበላ ፈንገስ ነው። መጀመሪያ ቆዳው ላይ ያርፋል። ከዚያ በፀጉሩ ቀዳዳ ወደታች ይወርድና ፀጉሩ ውስጥ ይገባል። ትራይኮፋይተን የሚባለው ወገን አብዛኛውን ጊዜ ፀጉሩን ከውስጥ ይሞላዋል። ፀጉሩ ጥንካሬ ስለሚያጣ ልክ ከቆዳው ብቅ ሲል ይቆረጣል። ያየናቸው ጥቁር ነጥቦች እነዚያ ናቸው። ማይክሮስፖረም የሚባለው ወገን ደግሞ ፀጉሩን ከውጭ ይከበዋል። ያኔ ፀጉሩ ከቆዳው ጥቂት ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ ይሰበራል፣ ቦታው አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። ከዚህ ወገን አንዱ ከድመትና ከውሻ፣ በተለይ ከድመት ግልገል፣ ወደ ልጆች ይተላለፋል።

ቶሎ ልለፍበት እንጂ ሌላም ፀጉር የሚያሳጣ ነገር አለ። ቅርፊት የሌለው፣ ልስልስ ያለ፣ ድንገት የወጣ ክብ መላጣ ካያችሁ ያ ላሽ ሊሆን ይችላል። ላሽ ፈንገስ አይደለም፣ የሰውነት መከላከያ የራሱን የፀጉር ሥር ሲያጠቃ የሚመጣ ነው፣ አይተላለፍም። በግንባርና በጆሮ ግንድ ዙሪያ ያለው የፀጉር መስመር ብቻ ከሳሳ ደግሞ ሹሩባው ጠብቆ ይሆናል። ያንን ማላላት ነው፣ ቶሎ ከላላ ፀጉሩ ይመለሳል። ለዓመታት ከተጎተተ ግን ላይመለስ ይችላል።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። በዓይን አይቼ ቆረቆር ነው ብዬ አልጨረስኩም። ከቦታው ላይ ቅርፊቱን ፋቅ አድርጌ፣ ጥቂት የተሰበሩ ፀጉሮችንም ነቅዬ ወደ ላቦራቶሪ ላክሁ። አያምም፣ ለትንንሾቹ እንዲያውም አዲስ የጥርስ ብሩሽ ቦታው ላይ በማሸት ናሙና መውሰድ ይቻላል። ላቦራቶሪው ቅርፊቱን በኬሚካል አሟሙቶ በማይክሮስኮፕ ያያል፣ ይሄ በዚያው ቀን ይደርሳል። ፈንገሱን አሳድጎ ዓይነቱን መለየት ግን ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይፈጃል። አንዳንዶቻችሁ በጨለማ ክፍል የሚበራ ልዩ መብራት እንዳለ ሰምታችሁ ይሆናል። እውነት ነው፣ ማይክሮስፖረም ብዙ ጊዜ በሱ አረንጓዴ ያበራል። ትራይኮፋይተን ግን በአብዛኛው አያበራም። ስለዚህ «መብራቱ ምንም አላሳየም» ማለት «ቆረቆር የለም» ማለት አይደለም።

በልጅቷ ማይክሮስኮፑ ፀጉሩ ውስጥ የታጨቁ የፈንገስ ዘሮች አሳየ። ትራይኮፋይተን ነው ማለት ነው። ሕክምናውን ዋናው ውጤት እስኪመጣ ሳንጠብቅ ጀመርን።

ሁለተኛው ነጥቤ ላይ ደረስን። ሻምፖውና ክሬሙ ለምን አላዳናትም? ፈንገሱ ያለው ፀጉሩ ውስጥ፣ ከቆዳው በታች ነው። ክሬም እዚያ አይደርስም። አረምን ላይ ላዩን ማጨድ ማለት ነው፣ ሥሩ እዚያው ነው። ሻምፖ ላይ ያለውን ቅርፊትና ዘር ያጥባል፣ ለዚያ ነው እናትየዋን «ሻል አላት» እያሰኘ ወራት የወሰደባት። ቆረቆር የሚድነው በሚዋጥ መድኃኒት ነው። መድኃኒቱ በደም ወደ ፀጉሩ ሥር ይሄዳል፣ አዲስ የሚያድገው ፀጉር መድኃኒቱን ይዞ ይወጣል፣ ፈንገሱ የሚበላው ያጣል።

ሁለት መድኃኒቶችን በስም ልንገራችሁ፣ ሐኪም ሲያዝላችሁ እንድታውቋቸው። አንዱ ግሪሶፉልቪን ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ መድኃኒት ነው። ብዙ ጊዜ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይወሰዳል፣ አንዳንዴም ከዚያ ይረዝማል። ሰውነት በደንብ እንዲወስደው ቅባት ካለው ምግብ ጋር መሰጠት አለበት፣ ለምሳሌ ከወተት ጋር። በባዶ ሆድ የሰጣችሁት እንደሆነ አብዛኛው ሳይሠራ ያልፋል። ሌላው ተርቢናፊን ነው። ለትራይኮፋይተን ጎበዝ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ አራት ሳምንት ይበቃል። ለማይክሮስፖረም ግን ግሪሶፉልቪን ይመረጣል። ዓይነቱን መለየት የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

የሁለቱም መጠን በልጁ ክብደት ይወሰናል። ልጅቷ 22 ኪሎ ነበረች። ለሷ የታዘዘው 125 ሚሊ ግራም ተርቢናፊን ነው፣ የባለ 250ው እንክብል ግማሽ ማለት ነው፣ በቀን አንዴ፣ ለአራት ሳምንት። ይሄን የምነግራችሁ ለራሳችሁ ልጅ እንድትሰጡት አይደለም። የጉበት ችግር ያለበት ወይም ሌላ መድኃኒት የሚወስድ ልጅ ሊኖር ይችላል፣ ያንን የሚጠይቃችሁ ሐኪም ነው። ነገር ግን «ቅባቱን ቀቢና ይድናል» የሚላችሁ ሰው ካለ፣ የሚዋጥ እንደሚያስፈልግ እወቁ።

ሻምፖው ግን አይጣል። ኬቶኮናዞል ወይም ሴሊኒየም ሰልፋይድ ያለበትን ሻምፖ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ አረፋውን አምስት ደቂቃ ያህል አቆይታችሁ ታጥባላችሁ። ፈንገሱን አይገድለውም፣ ዘሩ ወደሌላ ልጅ እንዳይበተን ይቀንሳል። ይኸው ሻምፖ ለእውነተኛ ፎረፎርም ዋና መድኃኒት ነው። ጎረምሳ ልጅ ላላችሁ፣ ወይም ለራሳችሁ፣ ፎረፎር ሲሆን እሱ ብቻውን ይበቃል። ፀጉራችሁ ጥቅልል ከሆነና ቶሎ የሚደርቅ ከሆነ በሳምንት አንዴም ይሠራል። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ቀብቶ ወዲያው በማለቅለቅ ነው። አምስት ደቂቃ ጠብቁ። ቅባት መደረብ ግን ፎረፎርን አይፈውስም፣ ፍርፋሪውን አጣብቆ ይደብቀዋል እንጂ።

ልጅቷ በሁለተኛው ሳምንት ቅርፊቷ ጠፋ። እናትየው ደወለችልኝ፣ «ዶክተር፣ ጸዳች፣ ላቁም?» አለች። ወላጆች፣ እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሰናከለው። አይቆምም! ቅርፊቱ ሲጠፋ ፈንገሱ ሥሩ ጋ ገና አለ። የተባለላችሁን ሳምንት ጨርሱ፣ ከዚያ ናሙናው እንደገና ይታያል። ፀጉር ደግሞ በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው የሚያድገው። ስለዚህ ሕክምናው አልቆም ቦታው ሳስቶ ሊታያችሁ ይችላል፣ ያ ማለት አልዳነም ማለት አይደለም። ጥቁር ነጥቦቹ ያሉበት ቦታ ላይ አጫጭር፣ ግን ያልተሰበሩ፣ ጫፋቸው ስስ የሆነ ፀጉሮች ካያችሁ እየዳነ ነው። የሷም ናሙና ንጹህ ሆኖ ተገኘ፣ ፀጉሯም ሞላ።

ሁሉም ግን እንዲህ በቀላሉ አያልፍም። አንድ የስምንት ዓመት ልጅ አስታውሳለሁ። አናቱ ላይ ለስላሳ፣ ሲነኩት ውስጡ ፈሳሽ ያለ የሚመስል እብጠት ነበረው። ከቀዳዳዎቹ መግል ይወጣል፣ ያማል፣ ፀጉሩ በትንሽ ስትስቡት ያለ ሕመም ይነቀላል። ከእኔ ዘንድ ከመምጣቱ በፊት እባጭ ነው ተብሎ ተቀዶለት ነበር። የወጣው መግል ጥቂት ነው፣ እብጠቱም አልጎደለም። አንቲባዮቲክ ወስዷል፣ አልተሻለውም። ይሄ ኬሪዮን ይባላል። ሰውነት ለቆረቆሩ ፈንገስ በጣም ሲቆጣ የሚመጣ ነው። መቀደድ አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ያው የሚዋጠው የፈንገስ መድኃኒት ነው፣ ያውም ሳይዘገይ። ሲዘገይ ቆዳው ጠባሳ ይሠራል፣ ጠባሳ ያለበት ቦታ ፀጉር ዳግመኛ አይበቅልም። በዚያ ልጅ አናት መሃል ላይ የቀረ ቦታ አለ። ቀድሞ ትንሽ ክብ ቅርፊት ነበረች፣ «ፎረፎር ነው» ተብላ የታለፈች። እባካችሁ፣ እባካችሁ፣ ራስ ላይ መግል ያለው እብጠት ፀጉሩን እያረገፈ ካያችሁ፣ ቢላ ከመንካቱ በፊት «ፈንገስ ይሆን?» ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ መብታችሁ ነው።

ሌላም አንድ ነገር አለ ወላጅ የሚያስደነግጥ። መድኃኒቱ በተጀመረ በጥቂት ቀናት ውስጥ አንዳንድ ልጅ ፊቱ፣ ጆሮው፣ ደረቱ ላይ የሚያሳክክ ጥቃቅን ሽፍታ ይወጣበታል። ወላጅ «መድኃኒቱ አልተስማማውም» ብሎ ያቆማል። ብዙ ጊዜ ግን አለርጂ አይደለም፣ ሰውነት ለሚሞተው ፈንገስ የሚሰጠው ምላሽ ነው። መድኃኒቱን ከማቆማችሁ በፊት ለሐኪሙ ደውሉ። ከንፈር ወይም ፊት ካበጠ፣ ወይም ትንፋሽ ካጠረው ግን ሳትጠብቁ ሕክምና ቦታ ውሰዱት።

ስቴሮይድ ያለባቸውን ክሬሞች ደግሞ በራሳችሁ አትቀቡ። ቅላቱንና ማሳከኩን ለጊዜው ያጠፋሉ፣ ፈንገሱ ግን ከሥር ይስፋፋል። ከዚያ እኛም ስናየው መልኩ ተቀይሮ ለመለየት ይቸግረናል።

ሦስተኛው ነጥቤ፣ ቤትና ክፍል። አንድ ልጅ ቆረቆር ከያዘው አብረውት የሚኖሩ ልጆች በሙሉ ራሳቸው ይፈተሽ። ያቺን የሰባት ዓመት ልጅ ካከምን በኋላ ታናሽ ወንድሟን አስመጣሁት። ራሱ ላይ ምንም አይታይም ነበር፣ ናሙናው ግን ፈንገሱን አሳየ። እንዲህ ያለ ልጅ ምንም ሳያሳክከው ለሌላው ያስተላልፋል። እሱን ባናገኘው ኖሮ እህቱ ተመልሳ ትያዝ ነበር። የቤተሰቡ ሰዎች ያንን ሻምፖ ለጥቂት ሳምንት ቢጠቀሙ ጥሩ ነው። ማበጠሪያ፣ ኮፍያ፣ የራስ ጨርቅ፣ ትራስ አይጋሩ። ማበጠሪያውን በሳሙና አጥባችሁ በረኪና በተቀላቀለበት ውሃ ነክራችሁ አቆዩና በንጹህ ውሃ አለቅልቁት። ፀጉር አስተካካዩ ማሽኑን ከልጅ ወደ ልጅ ሲያዞር የሚያጸዳው መሆኑን ተመልከቱ። ቤት ውስጥ ፀጉሩ በክብ በክብ የተመለጠ ድመት ወይም ውሻ ካለ እንስሳት ሐኪም ይየው። ልጁን መላጨት ግን አያስፈልግም። ለሕክምናው ብዙም አይጨምርም፣ ልጁን ግን ያሳቅቃል።

መምህራን፣ አሁን ለእናንተ ነው የማወራው። ልጁ መድኃኒቱን ከጀመረ ትምህርት ቤት መምጣት ይችላል። ለስምንት ሳምንት ቤት ይቀመጥ ማለት ከፈንገሱ የባሰ ጉዳት ነው። ከክፍል ኋላ ለብቻው አታስቀምጡት። በልጆች ፊት «ራስህን አሳየኝ» አትበሉት። ቅርፊትና የተሰበረ ፀጉር ካያችሁ ወላጁን ለብቻ ጥሩና ንገሩት። በአንድ ክፍል ሁለት ሦስት ልጅ ካያችሁ ደግሞ ለጤና ባለሙያ አሳውቁ፣ መጥተን ሁሉንም እናያለን።

ሐኪም ዘንድ ስትመጡ ደግሞ አንድ ነገር አደራ። የዚያን ቀን የልጁን ፀጉር ቅባት አትቀቡት፣ ሹሩባውንም ፍቱት። ቅባት ቅርፊቱን ይደብቃል፣ ናሙናውንም ያበላሻል። እስካሁን የተጠቀማችሁትን ሻምፖና ክሬም ሁሉ ከነማሸጊያው ይዛችሁ ኑ። የፈንገስ ክሬም ተቀብቶ ከነበረ ንገሩን፣ ናሙናው በሐሰት ንጹህ ሊመስል ስለሚችል።

እኔ ያልኩት ይሄን ነው፣ አሁን ጥያቄያችሁን ልስማ። ቅድም እጃችሁን ያወጣችሁት ወላጆች ልጆቻችሁን ይዛችሁ ከሆነ፣ ጥያቄው ሲያልቅ በመስኮቱ በኩል ብርሃን ያለበት ጋ እቀመጣለሁ፣ አንድ በአንድ አያቸዋለሁ።